የሳይንስ ፈተና ወደ አማርኛ ሲመለስ ክብደቱ እንዳይዛባ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። 7ኛ ክፍል ላይ ሁለት ክፍሎች አጠቃላይ ሳይንስና ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ሁለቱ ደግሞ በአማርኛ። የማጠቃለያ ፈተናው 40 ጥያቄ ሆኖ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ወደ አማርኛ እንድመልሰው ለእኔ ተሰጥቶኛል። ደረጃ የሚወጣው አራቱም ክፍሎች አንድ ላይ ሆነው ነው። ቴክኒካዊ ቃላቱን ልተርጉማቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው? እንግሊዝኛውን በቅንፍ ብጨምርስ? ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ቢተረጉመውና ከዋናው ጋር ቢገጥም፣ ክብደቱ እኩል ነው ብዬ ልተማመን?»

መልስ፦ በመልሶ ትርጉም ብቻ አይተማመኑ። ከዚህ የምጀምረው ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። መልሶ ትርጉም የሚያሳየው የሐሳብ መጥፋትን ነው። አንድ ቃል ተዘሎ ከሆነ ወይም «ሁሉም» የሚለው «አንዳንዱ» ሆኖ ከሆነ ይይዘዋል። ጥያቄው ለልጁ ቀሎት ወይም ከብዶት እንደሆነ ግን አይናገርም። ትርጉሙ ፍጹም ትክክል ሆኖ ፈተናው ሊበላሽ ይችላል።

አንድ ጥያቄ ወስደን እንየው። እንግሊዝኛው ከአራት ተክሎች መካከል «ዳይኮት» የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። አማራጮቹ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ ናቸው። በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ መጀመሪያ «ዳይኮት» ምን ማለት እንደሆነ ማስታወስ አለበት። ቃሉ በራሱ ምንም አይነግረውም፤ ካላጠና ይገምታል። አሁን ወደ አማርኛ እንመልሰው፦ «ከሚከተሉት ውስጥ ባለ ሁለት ክክ የሆነው የትኛው ነው?» ትርጉሙ ምንም አልጎደለውም። መልሶ ተርጓሚውም ያለ ጥርጥር «ዳይኮት» ብሎ ይመልሰዋል። ነገር ግን ቤቱ ባቄላ ሲከካ ያየ ልጅ፣ የሳይንስ መጽሐፉን ገልጦ ባያውቅ እንኳ «ባቄላ» ብሎ ይመልሳል። የእንግሊዝኛው ጥያቄ ጥናትን ይለካል፤ የአማርኛው የሚለካው ልጁ ክክ ማወቁን ነው።

ይህ የአማርኛ ችግር ብቻ አይደለም። በመስኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ የስዊድን ምሳሌ አለ። የእንግሊዝኛው ጥያቄ በጣቶቹ መካከል ቆዳ የተዘረጋ እግር ያለው ወፍ የት ሊኖር እንደሚችል ይጠይቃል። ስዊድኖች ይህን እግር የሚጠሩበት ቃል በጥሬው «የመዋኛ እግር» ማለት ነው። መልሱ ባሕር ወይም ሐይቅ እንደሆነ ጥያቄው ራሱ ተናገረ። ተርጓሚው አልተሳሳተም፤ የተጠቀመው ትክክለኛውን ቃል ነው።

ስለዚህ ሥራውን ሲጀምሩ አስተሳሰብዎን እንዲህ ቢቀይሩት ይሻላል። እኩል መሆን ያለበት ቃሉ ሳይሆን ልጁ መልሱ ላይ ለመድረስ በጭንቅላቱ የሚሠራው ሥራ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ከመተርጎምዎ በፊት ጎኑ ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «ይህን ለመመለስ ልጁ ምን ማወቅና ምን ማድረግ አለበት?» ጥያቄውን ያወጣው መምህር ቢጽፈው ደግሞ የተሻለ ነው። ለባቄላው ጥያቄ መስመሩ «ዳይኮት የሚለውን ስያሜ ማወቅ» የሚል ይሆናል። መስመሩን ሲያዩ አማርኛው ያንን እንደማይለካ ወዲያው ይገባዎታል።

መፍትሔው አማርኛውን ሆን ብሎ ማክበድ አይደለም። «ዳይኮት» ብለው በአማርኛ ፊደል ቢጽፉት፣ በመጽሐፉ «ባለ ሁለት ክክ» ተብሎ የተማረው ልጅ ሰምቶት በማያውቀው ቃል ይወድቃል። መፍትሔው ሁለቱንም ቋንቋ መቀየር ነው። ለምሳሌ፦ «የቅጠሉ ጅማቶች ጎን ለጎን በትይዩ የተዘረጉ፣ ሥሩም እንደ ፀጉር የተበተነ ተክል የትኛው ነው?» ብለው ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና በቆሎን አማራጭ ያድርጉ። አሁን ስያሜው ጥያቄው ውስጥ የለም። በሁለቱም ቋንቋ ልጁ የሚሠራው ያው አንድ ሥራ ነው፤ ባሕርዩን ከተክሉ ጋር ማዛመድ። እርግጥ ነው፣ ይህን ለማድረግ የእንግሊዝኛውን ፈተና የመንካት ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ፈቃዱን አሁኑኑ ይጠይቁ። «እንግሊዝኛው አልቋል፣ አይነካም» ከተባሉ እኩል ፈተና ማውጣት አይችሉም፤ ይህንንም ለኃላፊዎ በግልጽ ይንገሩ።

«ሥጋ በል»፣ «ዕፅ በል»፣ «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚሉት ቃላትም ያው ጠባይ አላቸው። መልሱን በሆዳቸው ይዘዋል። ዕፅዋት ምግባቸውን ለማዘጋጀት ምን ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ጥያቄው ውስጥ «ብርሃን አስተጻምሮ» ከተጻፈ፣ «ብርሃን» የሚለው አማራጭ መልስ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ አማርኛው የሚከብድበት። «የኃይል መለኪያ የቱ ነው?» ብለው ኒውተን፣ ጁል፣ ዋትና ኪሎግራምን ቢደረድሩ፣ በእንግሊዝኛ «ፎርስ» የተባለለት ልጅ ኒውተንን ብቻ ይመርጣል። በአማርኛ ግን ልጁ ዕድሜ ልኩን «የስበት ኃይል»፣ «የፀሐይ ኃይል»፣ «የኤሌክትሪክ ኃይል» ሲባል ሰምቷል። የመጀመሪያው በኒውተን፣ ሁለተኛው በጁል፣ ሦስተኛው በዋት ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ጎበዙ ልጅ እንዲያውም ይበልጥ ይቸገራል፤ ምክንያቱም ሦስቱንም ያውቃቸዋል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዓውድ በመስጠት ያስተካክሉ። «አንድ ሰው ጋሪ ሲገፋ የሚያሳርፈው ግፊት በምን ይለካል?» ማለትም አይበቃም፤ ግፊት ራሱ በፊዚክስ ሌላ ትርጉም አለውና። «የስበት ኃይል የሚለካው በምንድን ነው?» ቢሉ ግን ዓይነቱ ተለየ። እንግሊዝኛውንም በዚሁ ልክ «የስበት ፎርስ» በሚለው ያስተካክሉት።

አሁን ወደ ቃላቱ ጥያቄዎ እንምጣ። ደንቡ አንድ ነው፦ ልጁ የተማረበት መጽሐፍ የተጠቀመበትን ቃል ይጠቀሙ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለውን ያማረ ቃል፣ እርስዎ የሚወዱትን ወይም በቅርቡ የወጣ አዲስ ስያሜ አይምረጡ። መጽሐፉ «እፍግታ» ካለ እፍግታ፣ «መጠነ ቁስ» ካለ መጠነ ቁስ። መጽሐፉ አንድ ብሎ መምህሩ ክፍል ውስጥ ሌላ የሚል ከሆነ ደግሞ፣ የልጆቹን ደብተር ሰብስበው ይመልከቱ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ደብተሩ ውስጥ አለ። ከዚያ አንድ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የመጽሐፉ አማርኛ፣ የደብተሩ አማርኛ፣ የተወሰነው። 40 ጥያቄ ላለው ፈተና ሠንጠረዡ ብዙ አይረዝምም። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ጥያቄ 3 ላይ «ይዘት»፣ ጥያቄ 27 ላይ «መጠን» እንዳይሆን እያንዳንዱን ቃል ፈተናው ውስጥ እየፈለጉ ያረጋግጡ። የአጻጻፍ ወጥነቱም እንዲሁ ነው፤ «ኃይል» አንድ ቦታ፣ «ሀይል» ሌላ ቦታ ሲሆን ልጁ ሁለት ነገር ይመስለዋል።

እንግሊዝኛውን በቅንፍ መጨመር ደግና ለጋስ ይመስላል፤ ግን በየቦታው ማድረጉን አልደግፍም። የአማርኛው ልጅ ሁለት ፍንጭ ያገኛል፤ የእንግሊዝኛው አንድ። «ሥጋ በል» የሚለውም መልሱን ሰጠው፣ ቅንፉ ውስጥ ያለውም ምናልባት ያስታውሰዋል። ስለዚህ ቃሉ ራሱ የሚፈተን ከሆነ ቅንፍ አይግባ። ቃሉ የማይፈተን ሆኖ ልጁን እንዳያደናቅፈው ብቻ ከፈለጉ፣ በፈተናው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለሁለቱም ቡድን አጭር የቃላት ዝርዝር ያስቀምጡ። በሁለቱም ወረቀት ላይ ያው ዝርዝር፣ በሁለቱም ቋንቋ። የቀመር ፊደላትን ግን አይንኩ። `F = m × a` በአማርኛውም ወረቀት `F = m × a` ነው።

ሒሳቡ ላይ ቃል ሳይሆን ሰዓት ነው የሚያስቸግረው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። እንግሊዝኛው እንዲህ ይላል እንበል፦ አውቶቡስ ከጠዋቱ 10:45 ተነስቶ ከሰዓት በኋላ 1:15 ደረሰ፤ ጉዞው ምን ያህል ፈጀ? እዚህ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጁ 12ን መሻገር አለበት፤ የጥያቄው ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነው። 1:15 ላይ 12 ደምሮ 13:15 ማድረግ፣ ከዚያ 10:45 መቀነስ። መልሱ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ታማኝ ተርጓሚ ይህን ወደ እኛ ሰዓት ሲለውጠው ከረፋዱ 4:45 እስከ ቀኑ 7:15 ይሆናል። መልሱ ያው 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ግን 12 የሚባል ነገር የለም። ልጁ ከ7:15 ላይ 4:45 ይቀንሳል፣ አለቀ። አንድ እርምጃ ጠፋ።

ይህን ማስተካከል ቀላል ነው። ቁጥሮቹን አይለውጡ፤ የቀኑን ክፍል ይለውጡ። «አውቶቡሱ ከቀኑ 10:45 ተነስቶ ከምሽቱ 1:15 ደረሰ» ይበሉ። አሁን በእኛም አቆጣጠር 12ን ይሻገራል፤ ቅነሳውም ያው ቅነሳ ነው። እውነተኛው የጊዜ ሰሌዳ ተለወጠ ብለው አይጨነቁ፤ አውቶቡሱ የለም፤ የሚለካው ስሌቱ ነው። ወራትም ላይ ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ 12 ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። በማርችና በሜይ መካከል ያሉ ቀናትን አስቆጥሮ 31 እና 30 የሚያምታታ ጥያቄ፣ በመጋቢትና በግንቦት ሲሆን ማምታቻው ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሁለቱም ፈተና ያውጡት።

ቀጥሎ ሰዋስው። አማርኛ ራሱ መልስ የሚያስይዝባቸው ቦታዎች አሉ፤ ተርጓሚው ሳይታወቀው ያስገባቸዋል። የግሱ ጾታ አንዱ ነው። ጥያቄው «... የምትባለው የትኛዋ ናት?» ብሎ ካለቀ፣ ከአማራጮቹ አንዷ ብቻ በአንስታይ የምትጠራ ከሆነች መልሱ ታወቀ። «ን» ሌላው ነው። ጥያቄው «ተክሎች ከአየር የሚወስዱት ምንን ነው?» የሚል ከሆነ፣ ተርጓሚው ትክክለኛው አማራጭ ላይ ብቻ «ካርቦን ዳይኦክሳይድን» ብሎ ሌሎቹን ባዶ ሲተዋቸው አይቻለሁ። እጁ የሄደው ትክክለኛውን እያሰበ ስለሆነ ነው። ርዝመትም እንደዚሁ። ተርጓሚው ትክክለኛውን መልስ በጥንቃቄ ያብራራል፣ የተሳሳቱትን በአጭሩ ያልፋቸዋል። ምንም ያላጠና ተማሪ ረጅሙን ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም ያገኛል። ይህን ለመያዝ አማራጮቹን ብቻ፣ ያለ ጥያቄው፣ ለአንድ ባልደረባዎ ይስጡና «የቱ መልስ ይመስልሃል?» ይበሉት። ደጋግሞ ካገኘ ጽሑፉ እየነገረው ነው።

አሉታውን በተለየ ዓይን ይመልከቱት። በእንግሊዝኛ «ኖት» የሚለው ቃል በትልልቅ ፊደል ለብቻው ቆሞ ይታያል። በአማርኛ ግሱ ውስጥ ይደበቃል። «ውሃ ውስጥ የሚሟሟው» እና «ውሃ ውስጥ የማይሟሟው» የሚለያዩት ቃሉ መሀል ባሉት «ሚ» እና «ማይ» ብቻ ነው። በፈተና ጭንቀት ላይ ያለ የ13 ዓመት ልጅ ይዘለዋል። እንግሊዝኛው በደማቅ ፊደል ከሆነ አማርኛውም ቃሉ በሙሉ ይድመቅ፣ ይሰመርበትም። ከተቻለ ደግሞ ሁለቱንም በአዎንታ ይጻፉ።

ባዶ ቦታ ሙላ የሚለውም አማርኛ ላይ አይመችም። በእንግሊዝኛ ባዶው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚሆን ባዶው ዓረፍተ ነገሩ መሀል ይገባል። ልጁ ባዶውን አልፎ ጨርሶ ተመልሶ ማንበብ ይኖርበታል። ሁሉንም ወደ ሙሉ ጥያቄ ይለውጧቸው።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር፦ የአማራጮቹ መለያ። መልስ መስጫ ወረቀቱ በላቲን ፊደል ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚል ከሆነ ፈተናው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አይጻፉ። ልጁ በየጥያቄው መተርጎም ይኖርበታል፤ ሲቸኩል ደግሞ ይሳሳታል። ሀ እና ሐ በድምፅ አንድ ስለሆኑም ፈታኙ ጮክ ብሎ እርማት ሲናገር ክፍሉ ይደናገራል። የሥዕል ላይ ጽሑፎችንም አይርሱ። ጥያቄው ተተርጉሞ ሥዕሉ በእንግሊዝኛ መቅረቱ በጣም የተለመደ ነው።

ማን ይተርጉም? ብቻዎን አይሥሩት። በዓለም አቀፉ የፒሳ ፈተና ሁለት ተርጓሚዎች ተለያይተው ይተረጉማሉ፤ ሦስተኛ ሰው ሁለቱን አስታርቆ አንድ ያደርጋል። እርስዎም በትንሹ ይህን ማድረግ ይችላሉ። አንዱ ተርጓሚ የሳይንስ መምህር፣ ሌላው የአማርኛ መምህር ይሁን፤ አስታራቂው ደግሞ ያንን ክፍል በአማርኛ የሚያስተምረው። ሁለቱ በተለያየ መንገድ የተረጎሙት ጥያቄ ሁሉ ምልክት ይደረግበት፤ ችግሩ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ በየቋንቋው አምስት ወይም ስድስት ልጆች ያስቀምጡ፤ ፈተናውን የማይወስዱ፣ ለምሳሌ አምና ያለፉ። ጎበዝ፣ መካከለኛና ደከም ያለ ይኑርበት። እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው አንብበው ለምን ያንን እንደመረጡ ይንገሩዎት። «ክክ ስላለው» ያለ ልጅ ካገኙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

ከፈተናው በኋላም ሥራ አለ፤ ውጤት ከመለጠፉ በፊት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከየቡድኑ ስንት በመቶ እንደመለሰ ያስሉ። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይፈጸማል። አንደኛው ትንሽ ልዩነት አይቶ መደንገጥ ነው። ከየቡድኑ 100 ልጅ ቢኖርና ግማሽ ያህሉ የሚመልሰው ጥያቄ ቢሆን፣ እስከ 14 በመቶ የሚደርስ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ልጆቹ ካነሱ ደግሞ ከዚያም በላይ። ሁለተኛው የቡድኖቹን ልዩነት ከጥያቄው ልዩነት ጋር ማምታታት ነው። የእንግሊዝኛው ክፍል በጠቅላላው ጎበዝ ከሆነ በሁሉም ጥያቄ ይበልጣል፤ ያ የትርጉም ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ልጆቹን በጠቅላላ ውጤታቸው በሦስት ይክፈሏቸው፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። ከዚያ ከፍተኛውን ከከፍተኛው፣ ዝቅተኛውን ከዝቅተኛው ጋር በየጥያቄው ያነጻጽሩ። ጠቅላላ ውጤታቸው ተመሳሳይ ሆኖ፣ በሦስቱም እርከን አንዱ ቋንቋ በአንድ ጥያቄ ላይ ጎልቶ ከበለጠ ያ ጥያቄ ተጠርጣሪ ነው። ባለሙያዎች ይህንኑ ማንቴል-ሄንሴል በሚባል ስሌት ይሠሩታል፤ ለእርስዎ ግን በኤክሴል የተሠራ ሠንጠረዥ ይበቃል። ተጠርጣሪውን መልሰው ያንብቡት። ምክንያቱን በጽሑፉ ውስጥ ካገኙት ከሁለቱም ቡድን ውጤት ያውጡት። ከአንዱ ብቻ አውጥቶ ለሌላው መተው አይሆንም፤ «ለአማርኛዎቹ ሁለት ነጥብ ጨምሩላቸው» የሚለውም ፍትሕ አይደለም፤ ጥያቄውን ያላገኘውም ያገኘውም እኩል ይጨመርለታልና።

የዚህም ዘዴ ገደብ አለው። ጠቅላላ ውጤቱ ራሱ ከተበላሹ ጥያቄዎች የተሠራ ከሆነ መለኪያው የተጣመመ ነው። ከ40ው 15ቱ ቢቀልሉ ማነጻጸሪያው አያያቸውም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከፈተናው በፊት ያለው ነው። በተጨማሪም አንዱ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ሌላው በሁለተኛ ቋንቋው መፈተኑን የትኛውም ጥሩ ትርጉም አያስቀረውም። በእንግሊዝኛ የሚፈተነው ልጅ ጥያቄውን ለማንበብ ብቻ የሚያወጣው ጉልበት አለ።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ነው። ዘንድሮ አራቱን ክፍሎች በአንድ ዝርዝር ደረጃ አታውጡ። እያንዳንዱን ቋንቋ ለየብቻ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ በሉ። ትምህርት ቤቱ የግድ አንድ ዝርዝር እፈልጋለሁ ካለ፣ ደረጃው የሚሰላው በሁለቱም ቋንቋ ተመሳሳይ ሥራ እንደሚያሠሩ በተረጋገጡት ጥያቄዎች ብቻ ይሁን፤ ሥዕል አንብቦ የሚመለሱ፣ በቁጥር የሚሰሉ፣ ስያሜ የማይጠይቁ። ከ40ው እንዲህ ያሉ 25 ካላገኙ አንድ ዝርዝር አይውጣ። የትኞቹ ጥያቄዎች እንደሚያዙም ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን፤ ውጤት ከታየ በኋላ የሚመረጥ ጥያቄ የወላጅ ክርክር ያመጣል።